ጥቁሩ ግድግዳና ትንሿ መስኮት

ጅቡቲ ሰው ቤት ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉም አብልጬ የታገልኩት ከአንድ ግድግዳ ጋር ነው። ሙቀቱን ለመድኩት። የማዳምንም ጠባይ ለመድኩት። ግድግዳው ግን አሸነፈኝ፤ ሰንፌ ቢያሸንፈኝ ኖሮ ይሄን ያህል አያንገበግበኝም ነበር። ያሸነፈኝ በጉብዝናዬ ነው።

ቤቱ ራስ ዲካ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ባሕሩ አጠገብ። ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተገነባ አሮጌ ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ማዳም የሀገሩ ተወላጅ ናት፤ ባሏ ዕቃ አስመጪ ስለሆነ ቤቱ እንግዳ አይለየውም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እንግዳ እጁን የሚታጠብበት፣ እኛ ሠራተኞቹ ደግሞ ገላችንን የምንታጠብበት መታጠቢያ ቤት አለ። በግራው የማዳም መኝታ ቤት ነው፤ በቀኙ የኛ ክፍል። እኛ ማለት እኔና ወጥ ቤቷ ነን።

ወጥ ቤቷ የድሬዳዋ ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴን ታክል ነበር። እኔ ከደሴ ስለመጣሁ መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብላት ሳቀችብኝ። «እኛ ሀገር አንቱታ የለም፤ አንቺ በይኝ» አለች። ትንሽ ከበደኝና እትዬ እያልኩ አንቺ እላት ጀመር። ድሬዳዋ ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ አለቻት፤ ትምህርቷን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ይቀራታል። እትዬ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ሁለቱን ዓመት እዚያ ቤት መቆየት፣ ከዚያ ወደ ሀገር መግባት። ይሄንን ማታ ማታ ትነግረኛለች፤ እኔም እሰማታለሁ እያልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ክፍላችን መስኮት የላትም። ድሮ ዕቃ ቤት ነበረች። ከመታጠቢያ ቤቱ የሚለያት ግድግዳ ግን ጣሪያ አይደርስም፤ ከላይ አንድ ክንድ የሚሆን ክፍተት አለው። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ከፍ ብላ የተሠራች፣ መጽሐፍ ብትዘረጊ የምትሸፈን ትንሽ መስኮት አለችው፤ ከጓሮ በኩል ወዳለው መተላለፊያ ታያለች። የኛም አየር በዚያች ገብቶ፣ በክፍተቱ ዞሮ ነው የሚደርሰን። ይሄን አሁን ነው በትክክል የምናገረው። ያኔ ልብ ብዬው አላውቅም።

ሻጋታው የጀመረው በማዳም መኝታ ቤት በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። በሳምንቱ ነጥቦቹ ተገናኙ፤ በወሩ ከቧንቧው በላይ ጥቁር ካርታ ተሠራ። አንድ ቀን ከእንግዶቹ አንዷ እጇን ታጥባ ስትወጣ ማዳምን በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለቻት። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ የማዳም ፊት ሲቀላ ግን አየሁ። ማዳም ወደኔ መጥታ ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳርፋ አሳየችኝ። ምንም አላለችም። እኔ ደግሞ ስድብ ብችልም እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ አልችልም።

ደሴ፣ በቤታችን በጽዳት የሚያክለኝ አልነበረም። እናቴ ሰው ፊት የምታሞግሰኝ በዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ስም ማጥፋት ቆጠርኩት፤ እልህ ያዘኝ። መጀመሪያ በደረቅ ሻካራ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ጥቁር አቧራ ቦነነ፤ እኔ አስነጠሰኝ፣ እትዬ ከጎን ካለው ክፍላችን ስትስል ተሰማኝ። ቀጥዬ በረኪና ገዛሁ፣ እነሱ ጃቬል የሚሉትን። በስፖንጅ ለቀለቅኩት። በግማሽ ሰዓት ጥቁሩ ነጭ ሆነ። ደስ ብሎኝ ማዳምን ጠርቼ አሳየሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። ያውም እዚያው ቦታ፣ ያው ካርታ። በረኪና ቀለሙን ነው የሚያጠፋው፤ ልስን ውስጥ የገባውን ሥር አያገኘውም፤ ግድግዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ላዩም ቢሆን እንደገና ይበቅላል። ይሄንን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ የገባኝ በቂ አለማጠቤ ነው። ጠዋት ሁለት ባልዲ ውሃ በሳሙና፣ ማታ ሁለት ባልዲ፣ ከጣሪያው ሥር ጀምሬ እደፋበት ጀመር። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ያብለጨልጫል። ያ ማብለጭለጭ ንጽሕና ይመስለኝ ነበር። እርጥበት ነበር።

አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ለሽንት ቤቱ ዝገት የገዛነውን አሲድ አነሳሁ። ባልዲው ውስጥ በረኪና ነበር። ሁለቱን ብደባልቃቸው ጉልበታቸው እጥፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እትዬ ሽንኩርት በያዘ እጇ ከኩሽና ሮጣ መጥታ ጠርሙሱን ነጠቀችኝ።

«አብደሻል?» አለች። «ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጭስ ሰው ይገድላል። ካርቲየር ሁለት በሚባለው ሰፈር የምትሠራ አንዲት ልጅ በር ዘግታ እንዲህ ስታደርግ ራሷን ስታ ወድቃ ነው በመከራ ያወጧት። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይገናኝም። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«እሱንም ስትጠቀሚ በርና መስኮት ከፍተሽ።»

የመጀመሪያውን ሰማሁ። ሁለተኛውን በአንድ ጆሮዬ አስገብቼ በሌላው አስወጣሁት።

ማዳም ቀለም ቀቢ አመጣች። ሰውየው ሻጋታው ላይ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ቀባበት። ሁለት ወር ዐረፍን። ከዚያ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ፤ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። አንዱን እብጠት በጥፍሬ ብጫነው የቆሸሸ ውሃ በክንዴ ላይ ወረደ። ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከድሮው ብሶ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኖ፣ የምድር ቤት ጠረን ይዞ ወጣ።

ያ ወቅት ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ የሚነሳበት ነው። ነፋሱ ከበረሃው አቧራ ይዞ ይመጣና በዚያች ትንሽ መስኮት ይገባል። እኔ ያጠብኩት ግድግዳ እርጥብ ስለሆነ አቧራው ይለጠፍበታል፤ ስጨርስ ነጭ የነበረው ከሰዓት ጭቃ የተቀባ ይመስላል። ማዳም እንደገና ጣቷን አሳረፈች። እኔ ደግሞ ባልዲው ላይ ወጥቼ መስኮቷን በአሮጌ ፎጣ ጠቅጥቄ ደፈንኩ። ማዳም አላዘዘችኝም። ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ብልሃት ነበር፤ ኮርቼበታለሁም።

በማግስቱ ጠዋት ፎጣው መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት። ነፋሱ ነው አልኩ። መልሼ ጠቀጠቅኩት። በማግስቱም ወድቋል። ባልዲውም ከመስኮቷ ሥር ተደፍቶ ተቀምጧል፤ ይሄን አይቻለሁ፣ እኔ ራሴ ረስቼው ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ኩሽና ውስጥ ስነጫነጭ እትዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች ቀስ ብላ «ብትተያትስ? ትንሽ አየር ትግባ» አለችኝ።

አፌ መጥፎ ነው። ዛሬም አልተሻለውም። «አየር ያማረሽ እንደሆነ ባሕር ዳርቻ ሂጂ» አልኳት። «እኔ ያጠብኩትን አቧራ ሲያለብሰው አንቺን አይደለም የሚቆጡት።»

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ አንድ የችፑድ ቁራጭ ፈልጌ፣ የመስኮቷ እንጨት ላይ በአራት ሚስማር መታሁት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልወደቀም።

የእትዬ ሳል ድሮም ነበር፤ ግን ይመጣል ይሄዳል። መስኮቷ ከተመታች በኋላ መሄዱን ተወ። ሌሊቱን ትራስ አፏ ላይ ጭና ትስላለች፣ ማዳም እንዳትሰማት። ጎህ ሲቀድ ደረቷ እንደ ፉጨት ድምፅ ያሰማል። ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው የምትተነፍሰው። ከኩሽና ወጥታ ጓሮ ስትቆም ይሻላታል። ቡላኦስ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነው። ክፍላችን ውስጥ ነው የሚብስባት። ይሄ ሁሉ ከፊቴ ነበር፤ አንዱን ከአንዱ ማገናኘት አቃተኝ። እኔ እኮ ለእሷ ስል ነበር ግድግዳውን የማጥበው፤ ይሄ ሻጋታ ነው የሚያስላት ብዬ ባልዲውን ሁለት የነበረውን ሦስት አደረግኩት። በረኪናውንም በተዘጋ ቤት ውስጥ ጨመርኩበት። ዐይኗ እያለቀሰ «ሽታው በዛ» ስትለኝ «ሻጋታው ይሞታላ» እላታለሁ።

ማዳም አንድ ቀን እራት ሲቀርብ ሰማቻት። እትዬን ሳህኑን እንደያዘች እንግዳ ፊት ነው ሳሉ ያፈናት። በማግስቱ ጠዋት ማዳም ኩሽና በር ላይ፣ ራቅ ብላ፣ አፍንጫዋን በሻሽዋ ጫፍ ይዛ ቆመች። «ይሄ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ልጆች አሉኝ» አለች። እትዬ አስም እንደሆነ፣ ድሬዳዋ በልጅነቷ ሐኪም እንደነገራት አስረዳች፤ በሶማሊኛም በዐረብኛም ለመነች። ልመናው ራሱ አሳላት። ሳሏ መልሱን ሰጠ፤ ከሥራ ተባረረች።

ልጇ ትምህርቷን ለመጨረስ የቀራት አንድ ዓመት ከምናምን ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 እስከሚባለው የመኪና መቆሚያ ድረስ ሸኘኋት። ወደ ሀገር የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንድ የሚያውቃት ሾፌር ጋቢና ሊወስዳት ተስማማ። ፀሐዩ እሳት ነው፣ ናፍጣው ይሸታል፣ እሷ ግን ከክፍላችን ይልቅ እዚያ በደንብ ትተነፍስ ነበር። ሻንጣዋን አቀበልኳት። መሰላሉ ላይ አንድ እግሯን እንዳደረገች ዞር አለች።

«ያቺን መስኮት ክፈቺያት» አለችኝ። «ለኔ አይደለም፣ እኔማ ሄድኩ። ላንቺ ነው።»

ሰው ሲሰናበት ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስከ መጨረሻው በጽዳቴ ትገባለች ብዬ ተቀየምኳት። እሺ አልኳት፣ ለአፌ ያህል። ቤት ስገባ ባልዲዬን አነሳሁ።

በሁለተኛው ወር ሾፌሩ ገበያ ውስጥ አገኘኝና እትዬ ማረፏን ነገረኝ። የእህቷ ቤት ሆና፣ አንድ ሌሊት ትንፋሿ ተቋርጦ። ሐኪም ቤት ታይታ ነበር አለ፤ ነቀርሳ አይደለም ብለዋታል፣ አስም ነው፣ ደረቷ ግን በጣም ተጎድቷል። የያዝኩት ቲማቲም ከእጄ አልወደቀም፣ ጮኼም አላለቀስኩም። ከፍዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ስጨርስ ግድግዳው ላቡን እያንጠባጠበ ነበር። እኔም እየሳልኩ ወጣሁ።

ሳሉ እኔንም የያዘኝ እንደዚያ ነው። በኔ ሳል ምክንያት ግን ማንም ግድግዳውን አልነካም። የተነካው ማዳም መኝታ ቤቷ ውስጥ ቁም ሣጥኗን ስታንቀሳቅስ ከጀርባው ግድግዳው ጠቁሮ፣ የሠርግ ልብሷ ሻግቶ ስታገኝ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ግንበኛ ተጠራ።

ግንበኛው ድሬዳዋ ያደጉ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ ነው የምንላቸው፣ አማርኛቸው ከኔ ይጣፍጣል። ግድግዳውን ወዲያው አልነኩም። መጀመሪያ መዳፋቸውን አሳረፉበት። የኔንም እጅ አስቀምጠው ጠየቁኝ፦

«ምን ይልሻል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«በዚህ ሙቀት ግድግዳ ለምን ይቀዘቅዛል?»

ያን ያህል ጊዜ ሳሸው ይሄን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። መለሱልኝ። ከወዲያ በኩል የማዳም ክሊም፣ ማቀዝቀዣው፣ ሌት ተቀን ግድግዳውን ያበርደዋል። ከወዲህ በኩል ሙቅና እርጥብ አየር አለ። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ የበረዶ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ውጪው እንደሚያልበው። የዘይት ቀለሙ ደግሞ ድንጋዩ የጠጣውን ውሃ እንዳይተፋ አፉን ዘግቶታል።

«ታዲያ ማነው በየቀኑ ውሃ የሚደፋበት?» አሉ ወለሉን አይተው።

«እኔ ነኝ። ላጸዳው ብዬ።»

«አበላሸሽው ልጄ። ሻጋታ ውሃ ነው የሚበላው። አብልተሽዋል።» ቁጣ አልነበረባቸውም። ቀና ብለው ችፑዱን አዩ። «ይሄንንስ ማን መታው? ይሄን መስኮት የሠሩት ሰዎች ለጌጥ አይደለም የሠሩት።»

«እኔ» አልኩ።

መሰላል ላይ ወጥተው አራቱን ሚስማሮች ነቀሉ። ችፑዱ ሲወርድ ከጀርባው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነበር። ወዲያው ነፋስ ገባ፤ ክፍሉ ውስጥ ስንት ወር የተኛው ሽታ ሲነቃነቅ ታወቀኝ። ከውጭ በኩል፣ መተላለፊያው ላይ፣ የጎረቤት ዘበኛ አልጋውን ዘርግቶ ነው የሚኖረው። ሽማግሌ ሶማሌ ነው። መስኮቷ ስትከፈት ድምፁን ከፍ አድርጎ በሶማሊኛ ተናገረ። በዚያ ጊዜ እኔም የዕለት የዕለቱን ቋንቋ እሰማ ነበር።

«ያቺ ትልቋ ሴት ተመለሰች እንዴ?» ነው ያለው።

ሐጂ ማን እንደሆነች ጠየቁት።

«ኢትዮጵያዊቷ ናታ። በየጎሁ ፊቷን እዚህ ቀዳዳ ላይ ታደርጋለች፤ ጨርቅ ሲገባበትም ታወጣው ነበር። ትተነፍሳለች። እኔ ለሶላት ስነሳ እጄን አነሳላታለሁ፣ እሷም ታነሳልኛለች። በኋላ እንጨት ተመታበት። ሀገሯ ገባች አልኩ።»

ባልዲው የተደፋው ለዚያ ነበር። ያን ያህል ወፍራም ሴት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ በየጎሁ ባልዲ ላይ እየወጣች። እኔ ጎኗ ተኝቼ። ነግራኝስ ቢሆን? ነግራኛለች እኮ። ቀስ ብላ ነግራኛለች፣ ባሕር ዳርቻ ሂጂ ብያታለሁ። ከኔ ጋር ከምትጨቃጨቅ በድብቅ መተንፈስ መርጣ ነበር፤ እሱንም በአራት ሚስማር ዘጋሁባት።

ሐጂ ፊቴን አይተው ሥራቸውን ትንሽ አቆሙ። «ነይ፣ አፍሽን እሰሪና አግዢኝ» አሉ። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አሰርን፣ የመኝታ ቤቱን በኩል በላስቲክ ዘጋን፣ አቧራ እንዳይቦን ግድግዳው ላይ ውሃ በስሱ እየረጨን የዘይት ቀለሙን ፋቅን። የፈረሰውን ልስን አውጥተን በከረጢት አሥረን ጣልን። ከዚያ ሳምንት ሙሉ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ማራገቢያ እየነፈሰበት፣ ደረቀ። ማዳም አሁኑኑ ካልተቀባ ብላ ስትጨነቅ ሐጂ አልሰሟትም። ሲደርቅ በኖራ ለሰኑት፣ በኖራም ቀቡት፤ ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም፣ ሻጋታም አይወደውም። ማዳም ክሊሙን ትንሽ እንድትቀንሰው፣ ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው እንድታርቀው ነገሯት። ለኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ውሃ አትድፊበት፤ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ወለሉን በጎማ መጥረጊያ ጥረጊ፣ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ አብሺ፤ ነጥብ ካየሽ በሳሙና በራሰ ጨርቅ ወዲያው አንሺና አድርቂ፤ መስኮቷን ማንም እንዳይዘጋት።

አቧራው ይገባል። በየቀኑ እጠርገዋለሁ። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ግድግዳው ከዚያ ወዲያ አልጠቆረም፤ እኔንም ቀስ በቀስ ሳሉ ተወኝ። ከዚያ ቤት እስክወጣ ነጭ እንደሆነ ነበር። እንግዶች ሲያዩት ማዳም የኔን ጽዳት ታሞግሳለች፣ እኔ ደግሞ ወደ ኩሽና እሄዳለሁ።

መስኮቷ በተከፈተች ማግስት ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። አልጋዋ ባዶ ነበር፤ ገና ሌላ ሰው አልተቀጠረም። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ባልዲውን ደፋሁት፣ ላዩ ላይ ወጣሁ። ከእሷ ስለማጥር ተንጠራራሁ። ፊቴን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ። አየሩ ጨው ጨው ይላል፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዘበኛው ከታች፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ለሶላት መታጠቢያ ውሃ እያነሳ ነበር። ቀና ብሎ በመስኮቷ ውስጥ ፊት ሲያይ እጁን አነሳ። ከዚያ እኔ መሆኔን አየ፤ እጁንም ቀስ ብሎ አወረደ።